በሁለተኛው ገጽ ያለው ከበሮ

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሬዲዮናቸውን በጨው ከረጢት ከተው፣ ገና ጎህ ሳይቀድ በእህታቸው በር እጀታ ላይ አንጠልጥለው ሄዱ። አላንኳኩም። ጥሩሸዋ በሩን ስትከፍት ከረጢቱ ተወዛውዞ ጉልበቷን መታት። አውጥታ አየችው። ጥቁር ነው፣ አንቴናው ጫፉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው። የወንድሟ ልጅ ኮከብ በመጀመሪያ ደመወዟ ከደብረ ብርሃን በአሥራ አራት መቶ ብር ገዝታ ለአባቷ ያመጣችላቸው ሬዲዮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከራስጌያቸው አልተለየም። ጥሩሸዋ ደጃፉን ግራ ቀኝ ተመለከተች። ጉሙ የመሐል ሜዳን ከተማ እስከ ቆርቆሮው ክዳን ሸፍኖታል፤ ሰው ቢኖርም አይታይም። የሬዲዮኑን ጀርባ ስትከፍተው ባዶ ነው።

«ምንድን ነው እቴቴ?» አለች ከእሷ ጋር የምትኖረው ኮከብ ከውስጥ፣ ፊቷን ለመታጠብ ውኃ እየቀዳች።

«አባትሽ ሬዲዮኑን መልሰውታል።»

ኮከብ ጣሳውን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ መቅዳቷን ቀጠለች።

«ባትሪውን ግን አስቀርተውታል» አለች ጥሩሸዋ። «ሰይጣኑ ሬዲዮኑ ላይ ነው መሰለኝ። ባትሪው ንጹሕ ነው።»

ልጅቱ ትስቃለች ብላ ነበር። አልሳቀችም። ጥሩሸዋም ከረጢቱን አጣጥፋ ከምድጃው አጠገብ አኖረችው፣ ጨው መያዣ ይሆናልና። የሰው ነገር ሲከፋ ዕቃውን ማባከን አትወድም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች፣ ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ የበግ ጠጉር እየነደፈችና እየፈተለች፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ እያሠራች እየሸጠች የኖረች ሴት ናት። በዚያ ላይ የከተማው የማኅበረሰብ ሬዲዮ የአድማጮች ኮሚቴ አባል ናት። የመረጧት የገበያ ሴቶች ናቸው፤ የመረጧትም አፏ ስለማይፈራ ነው። ዛሬ ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ኮሚቴው ይሰበሰባል። የሚሰበሰበውም ስለ ኮከብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮከብ ሬዲዮው ላይ ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት አላት። የባሕር ማዶ ሙዚቃ ከየት እንደመጣ ታወራለች፣ ትንሽ ትንሽም ታሰማለች። ያለፉትን ሦስት ሐሙሶች ያወራችው ሮክ ስለሚባለው ነው። ዘፈኑን ከማሰማት ይልቅ ዘፈኑ እንዴት እንደተከለከለ ነበር የምታወራው። ጥሩሸዋ ጠጉር እየፈተለች፣ ልጅቱ ጽሑፏን ማታ ማታ ጮክ ብላ ስትለማመድ ስለሰማች ነገሩን እንደ ውዳሴ ማርያም ይዛዋለች። በፈረንጆቹ ሃምሳዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ የጥቁሮች ዘፈን ለብቻው ይሸጥ፣ ለብቻው ይቆጠር፣ በጥቁሮች ሬዲዮ ለብቻው ይሰማ ነበር። ችግሩ የአየር ሞገድ አጥር የለውም። የነጮች ልጆች ማታ ማታ ቁልፉን እያዞሩ እዚያ ይደርሱ ጀመር። ከዚያም መግዛት፣ ከዚያም መጨፈር መጣ። አባቶች ደነገጡ። የሙዚቃ ንግዱ ጋዜጣ ሳይቀር ግጥሙ ይጽዳ፣ ካልጸዳ መንግሥት ይገባበታል ብሎ ጻፈ። በአንድ የደቡብ ከተማ የወጣቶችን ወንጀል እንዲከላከል የተቋቋመ ኮሚሽን ሠላሳ የማይሞሉ ዘፈኖችን ስም ዘርዝሮ ለከተማው ጣቢያዎች ሁሉ ላከ። ሕግ አልነበረም፤ ዝርዝር ብቻ ነበር። ጣቢያዎቹ ግን ዘፈኖቹን አነሡ። ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት ዘፋኞች ጥቁር ያልሆነውን ለማግኘት መፈለግ ያስፈልግ ነበር። የዚያኑ ዘፈን ቃሉን ለዘብ አድርጎ ነጭ ሲዘፍነው ግን ይሰማ ነበር።

ጥሩሸዋን ያስገረማት ሌላው ነው። በአንድ ከተማ ያለ ጣቢያ ሮክ ከእንግዲህ አላሰማም ብሎ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሸክላዎቹን ለመጨረሻ ጊዜ አንድ አንድ ጊዜ እያሰማ፣ ሲያልቅ አድማጩ እየሰማ ይሰብራቸው ነበር አለች ኮከብ። «ሲሰበርም ይሰማል?» ብላ ጠየቀቻት ያን ጊዜ። «ይሰማል» አለቻት። ጥሩሸዋ እንዝርቷን አቁማ አሰበች። ሰው የሚጠላውን ነገር ዝም ብሎ አይጥልም፤ ሲጥል እንዲታይለት ይፈልጋል። ቀጥሎ ደግሞ ቃል የሌለው ዜማ ነበር። ጊታር ብቻ። አንድም ቃል የለበትም፤ ሆኖም አንዳንድ ከተሞች አናሰማም አሉ። ርዕሱ የጎረምሶችን የቡድን ድብድብ የሚጠሩበት ቃል ነበርና፣ ድምፁም ጎርነን ብሎ የሚያስፈራ ነበርና ልጆቹን ያደባድባቸዋል ተባለ። «ያለ ቃል ምን ብሎ ያደባድባል?» አለች ጥሩሸዋ። ኮከብ በስልኳ አሰማቻት። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ እንደ ሰከረ ሰው እግሩን እየጎተተ የሚመጣ ዜማ ነው። ከሥሩ ከበሮ አለው። ጥሩሸዋ ምንም አልተሰማትም፣ ግን ከዚያ ወዲያ ጠጉር ስትነድፍ ደጋኗ በዚያ ዜማ ልክ ይሄድ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኮከብ ስለ ፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አወራች። የሕግ አውጪዎች ሚስቶች ማኅበር አቋቁመው፣ አሥራ አምስት ዘፈኖችን መጥፎ ብለው መርጠው፣ ነገሩ ሸንጎ ፊት ቀርቦ በቴሌቪዥን መታየቱን። ሰባኪዎች ሸክላ ወደ ኋላ እያዞሩ የአጋንንት ድምፅ ሰማን ማለታቸውን። ሮክ የሰይጣን ሙዚቃ ነው፣ ልጅ ይገድላል መባሉን። ከተማው የሰማው ይህችን ብቻ ነው። በማግስቱ ገበያው ሁሉ አንድ ነገር ይል ነበር፦ «የመሪጌታ ልጅ ራሷ በአንደበቷ የሰይጣን ሙዚቃ ነው ብላለች።» ክሱን የተረከ ሰው ተከሳሽ ሆነ። ዓርብ ተወራ፣ እሑድ ፊርማ ተሰበሰበ፣ ማክሰኞ ወረቀቱ ለኮሚቴ አባላት ታደለ። ሁለት ገጽ ነው። አንደኛው ገጽ አሥራ ሁለት ዘፈኖች ተዘርዝረውበታል። ሁለተኛው ገጽ ማብራሪያ የሚል ርዕስ ያለው፣ በደቃቅ ፊደል የተጨናነቀ ነው። ከሥሩ አርባ ሦስት ፊርማ አለ። ከሁሉ በላይ፣ በጠማማ እጅ፣ የወንድሟ ስም።

ሌላው የኮሚቴ አባል አንደኛውን ገጽ አይቶ አጠፈው። ጥሩሸዋ ግን ማንበብ የምትችለው ፊደል በፊደል ነው፤ እንዲህ የሚያነብ ሰው ደግሞ መዝለል አያውቅም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ሱቋ ውስጥ በባናው ክምር ላይ ተቀምጣ ጣቷን እየመራች አነበበችው። አንድ ደንበኛ ባና ሦስት ሺህ ነው ስትለው ሁለት ሺህ ብሎ ቢከራከራት እንኳ ቀና አላለችም፤ «ውሰደው» ብላ ለቀቀችው። ሁለተኛው ገጽ መካከል ላይ የደረሰችበት ነገር ነው እጇን ያሰራት። ደግማ አነበበችው። ሠለሰችው። ለኮከብ አልነገረቻትም።

የሬዲዮ ጣቢያው ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። አንዱ ክፍል በካርቶንና በአሮጌ ፍራሽ ግድግዳው ተለብዶ ድምፅ መቅጃ ሆኗል፤ ሌላው ስብሰባ የሚደረግበት ነው፣ አሁንም የገብስ ገለባ ይሸታል። ጥሩሸዋ ስትደርስ ወንድሟ ግቢው ውስጥ ፀሐይ የምትወጣበት ግድግዳ ሥር ቆመዋል፤ ፀሐይ ግን አልነበረችም። ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። የኮሚቴ አባል አይደሉም፤ የፈረሙትን ወክለው ነው የመጡት። ዓይናቸው ላይ ጭጋግ መሰል ነገር ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ድጓውን በቃል ይዘው ያደጉ ሰው ስለሆኑ ማንም አልነቃባቸውም፤ መጽሐፉን ከፊታቸው ዘርግተው በቃላቸው ይዘልቁታል። ጥሩሸዋ ታውቃለች። ማወቋንም ያውቃሉ። አንድ ቀን እንኳ አውርተውት አያውቁም።

«እንዴት አደሩ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ዕቃው ደርሶኛል።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ያቺን ወረቀት አይተዋታል?»

«ፈርሜባታለሁኮ።»

«መፈረምዎን አልጠየቅኩም። ማየትዎን ነው።»

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ልጆቹ አነበቡልኝ» አሉ። «የዘፈኑን ስም አንብበውልኛል። ለልጄ ስል ነው የፈረምኩት፤ ሥራውን ትታ ሌላ ትያዝ ብዬ። አንቺ ደግሞ ዛሬ አፍሽን ያዢ።» ይህን ብለው ቀድመዋት ገቡ፤ ደፉን በመቋሚያቸው ፈልገው ተሻገሩት።

የስብሰባው መሪ አቶ በኃይሉ ነበሩ፣ የዱቄት ወፍጮው ባለቤት። በጣቢያው ማስታወቂያ ከሚያስነግሩት አራት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በብር ሲመዘን ግን ከሦስቱ ድምር ይበልጣሉ። አጠገባቸው የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ታዲዮስ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ብርድ የመታው የሚመስል ሰው። ኮከብ ከበሩ አጠገብ በላስቲክ ወንበር ላይ ናት። አባቷ ሲገቡ ተነሣች። አባቷ እንዳላዩ አለፉ፤ አይተውም ይሁን ሳያዩ፣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አመልካቹ ዲያቆን ባስልዮስ ነበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ። መልካም ልጅ ነው፣ ጥሩሸዋ አትጠላውም። የሚናገረውን ያምናል፤ አስቸጋሪው እሱ ነው። ዝርዝሩን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት አነበበ። የእንግሊዝኛው ስም ምላሱ ላይ እየተሰባበረ ሰው ሊስቅ ቃጣው፣ ግን አልሳቀም።

«ከእነዚህ ውስጥ የሰማኸው የትኛውን ነው?» አለች ኮከብ ከበሩ ሥር። ድምፅዋ ሬዲዮ ላይ እንደሚሰማው የረጋ ነው።

«መርዝ መሆኑን ለማወቅ መቅመስ የለብኝም እህቴ።»

«ሰባተኛው ዘፈን ቃል የለውም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቃል የለውም። ግጥም የለውም። ያለ ግጥም ምን ክፉ ነገር ተናገረ?»

ዲያቆኑ ወረቀቱን አየ። «ያዘጋጁት ሰዎች ያውቁታል» አለ።

«የት ነው ያገኘኸው?» አለ ታዲዮስ ቀስ ብሎ።

«በቴሌግራም። ከውጭ አገር ጽሑፍ የተተረጎመ ነው። አርባ ዓመት የተጠና ነው።»

ጥሩሸዋ ወደ ኮከብ አየች። ልጅቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። አርባ ዓመት ማለት ሰማንያዎቹ ማለት ነው፤ የእነዚያ ሸክላ ወደ ኋላ የሚያዞሩ ሰባኪዎች ወረቀት ማለት ነው። እነሱም ቢሆኑ ከሃምሳዎቹ ነው የተቀበሉት። ነገር እንደ ብድር ድስት ከቤት ቤት ይዞራል፤ የመጀመሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።

አቶ በኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ማንንም አልከለክልም» አሉ። «ሕግም የለም። ግን ሰው ወፍጮ ቤቴ መጥቶ፣ ማስታወቂያህ ከሰይጣን ሙዚቃ ጎን ነው የሚነገረው ይለኛል። እኔ ደግሞ የምሸጠው የእንጀራ ዱቄት ነው። ያው ታዲዮስ ያውቃል።»

ታዲዮስ ያውቃል። ያለፈው ሳምንት ሁሉ ሲያስበው ነበርና ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ኮከብ አንድ ማታ የነገረቻት ነገር ጥሩሸዋን ትዝ አላት። በአሜሪካም ከልካይ የሚባል ሰው አልነበረም አለቻት። ዝርዝር ይመጣል፤ ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ሰጪውን ይፈራል፤ ማስታወቂያ ሰጪው ደንበኛውን ይፈራል፤ ደንበኛው ጎረቤቱን ይፈራል። ኋላ ደግሞ የሬዲዮ ዘፈን መራጮቹን ጉቦ ትበላላችሁ ብለው ሸንጎ ፊት አቀረቧቸው። የበሉም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን ዘፈን የሚመርጠው ሰውየው መሆኑ ቀረ፤ ከቢሮ የወጣ ዝርዝር ሆነ። በሰማንያዎቹም እንዲሁ። ሕግ አልወጣም። ሸክላ አሳታሚ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ማስጠንቀቂያ ወረቀት ሸክላው ላይ እንለጥፋለን አሉ፤ ከዚያው መንግሥት ሌላ የሚፈልጉት ሕግ ነበራቸውና። አንዳንድ ትልልቅ ሱቆች የተለጠፈበትን አንሸጥም አሉ። ልጆቹ ደግሞ የተለጠፈበትን እየመረጡ ፈለጉ። ሙዚቀኞቹም ሰይጣን ካላችሁን ሰይጣን እንምሰል ብለው ጥቁር ለብሰው፣ የራስ ቅል አንግተው ወጡ፤ ይሸጥ ነበርና። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። «በእኛስ?» ብላት ነበር ጥሩሸዋ። «በእኛማ በደርግ ጊዜ ቀላል ነበር፤ ግጥሙ አስቀድሞ ቢሮ ይገባል፣ የሚሰርዘው ሰው ወንበር አለው» አለቻት ኮከብ። ወንበር ያለው ከልካይ ይሻላል፤ ሄደው ይለምኑታል።

«እንግዲህ ድምፅ እንስጥ?» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ሁለተኛው ገጽ አልተነበበም» አለች ጥሩሸዋ።

«ማብራሪያ ነው እትዬ ጥሩሸዋ» አለ ዲያቆኑ።

«ይብራራልን።»

«ረጅም ነው፤ ሰዓት ይወስዳል።»

«እኔ የማነበው ጊዜ ይወስዳል። አንተማ ፈጣን ነህ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዲያቆኑ ወረቀቱን ገልብጦ መጀመሪያው ላይ ያለውን ሦስት መስመር አንብቦ፣ ዓይኑ ወደ መካከሉ ሲወርድ አቋረጠ። እሱም ያን ጊዜ ነው ያየው። ጥሩሸዋ ፊቱን አይታ አወቀች። መልካም ልጅ ነው ብለናል። ወረቀቱን ቀስ አድርጎ አጠፈው። «ያው ተመሳሳይ ነው» አለ።

ጥሩሸዋ የራሷን ወረቀት ከደረቷ አወጣች። ወንድሟ ከማዶ ተቀምጠዋል። ጭጋጋማ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው፣ ወይም ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ላይ። አፍሽን ያዢ ብለዋታል። ካነበበች፣ የስድሳ አምስት ዓመት የተከበረ ሰው ሳያነብ መፈረሙ በአደባባይ ይወጣል። ካላነበበች ልጅቱ ትወድቃለች። ብታነብም ልትወድቅ ትችላለች። ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች።

«የ... ዚህ... ሙዚቃ... ክፋት» አለች፣ እንደ ተማሪ እየቆጠረች፣ «ከ... ቃሉ... ይልቅ... ከምቱ... ነው። ምቱ... የመጣው... ከአፍሪካ... ጫካ... ነው። ጥቁሮች... አጋንንት... የሚጠሩበት... የከበሮ... ምት... ነው። ከበሮ... በሚመታበት... ቤት... የእግዚአብሔር... መንፈስ... አያድርም።»

ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ሁሉም ሰው መሪጌታ ወልደ ጻድቅን ላለማየት ሌላ ሌላ ነገር ያይ ነበር። በዚያ አገር ከበሮ ሲባል እሳቸው ናቸው። አባታቸው ያወረሷቸው ከበሮ አላቸው። ልጅ ሳለች ጥሩሸዋን ትርጉሙን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ሰፊው አፍ የክርስቶስ መለኮቱ፣ ጠባቡ አፍ ትስብእቱ፣ ጠፍሩ የግርፋቱ ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበት ገመድ። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከበሮውን እንዳትነካ እጇን መትተዋታል።

«ይሄ የእኛን አይመለከትም» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ከአፍሪካ ነው የሚለው ጋሽ በኃይሉ። እኛ ከወዴት ነን?»

«እኛ ኢትዮጵያ ነን።»

«እሱስ ነን። ወረቀቱን የጻፈው ፈረንጅ ይህን ያውቃል?»

ዲያቆን ባስልዮስ ግንባሩን በእጁ ይዞ ነበር። ታዲዮስ እስክሪብቶውን አወጣ፤ ሰው ሲጨነቅ ማስታረቅ የሚችለው በእስክሪብቶ ብቻ የሆነ ሰው ነው። «እነዚህ መስመሮች ቢሰረዙስ?» አለ። «መሪጌታ ምን ይላሉ?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር። «ይሰረዝ» አሉ።

ተሰረዘ። በሁሉም ወረቀት ላይ ተሰረዘ፤ ታዲዮስ እየዞረ ሰረዘው፣ የጥሩሸዋንም። ስለ ከበሮው የሚለው ወጣ፤ አሥራ ሁለቱ ዘፈኖች ቀሩ። ድምፅ ተሰጠ። አምስት ደገፉ፣ አንዱ ድምፅ አልሰጥም አለ፣ ጥሩሸዋ ተቃወመች። ታዲዮስ ውሳኔውን ሲያነበው የማንንም ስም የማይነካ ሆኖ ነበር፦ ዝግጅቱ «ለጊዜው» ይቆማል፤ ኮከብ ከሥራ አትባረርም፤ የገበያ ዋጋና የሐዘን ማስታወቂያ ታነባለች፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ሌላ እስኪገኝ በዋጋው መካከል ቃል የሌለው ሙዚቃ ይሰማበታል። «ቃል የሌለው» አለ ደግሞ፣ ሁሉንም ያስማማ መስሎት። «ቃል ከሌለው ማን ምን ይላል?» አቶ በኃይሉ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኮከብ ተነሥታ ወደ መቅጃው ክፍል ገባች። የዕለቱ የገብስና የበግ ዋጋ ከወረዳው መጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ ነበር። አላለቀሰችም። ጥሩሸዋ በመስኮቱ መስተዋት አየቻት፤ ቁጥሮቹን በእርሳስ እያሰመረች ነበር። ሱቋ ሄደች። ከሰዓት በኋላ ሁለት ባና ሸጠች፣ ከሞላሌ ለመጣ ነጋዴ የተነደፈ ጠጉር መዘነች፣ አሥራ አምስት ብር የሆነውን ሻይ አዝዛ ሳትጠጣው በረደባት። አንዲት ጎረቤቷ መጥታ «ወንድምሽን በሰው ፊት እንዲያ?» አለቻት። «ፊደሉን ነው ያነበብኩት» አለች ጥሩሸዋ። «እኔ አልጻፍኩትም።» ሴትዮዋ እንደ መራቅ ብላ ሄደች።

ወደ አመሻሹ ቤቷ ገብታ ምድጃውን ስታያይዝ በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ነበሩ። ጋቢያቸው ላይ ጉሙ እንደ ጤዛ ጠብታ ሆኖ አርፏል። በዚህ ቤት ከገቡ ዓመት አልፏቸዋል። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል።

«ይግቡ ጋሼ።»

ገቡ። በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ጥሩሸዋም ተቀመጠች። ስለ ብርዱ አወሩ። ገብሱን ውርጭ ሊመታው ይችላል አሉ። ይችላል አለች። ጥሩሸዋ ቁጣውን ጠበቀች፤ አልመጣም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ውስጧ እንደ በረደ ምጣድ ሆኗል፤ ቢነኩትም አያቃጥልም። መሪጌታ የተጨበጠውን እጃቸውን ዘረጉላት። ሁለቱ ባትሪዎች ነበሩ፣ ከእጃቸው ሙቀት የተነሣ ሞቀዋል።

«እነዚህን ረስቻቸው ነበር» አሉ።

«አዎ» አለች፤ እንዳልረሷቸው ሁለቱም ያውቃሉ። ሬዲዮኑን አውርዳ አስገባቻቸው። አንቴናውን ወደ ጣቢያው አቅጣጫ አዘነበለችው። አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። የወፍጮው ማስታወቂያ አለፈ። ከዚያ ጊታር መጣ።

ጥሩሸዋ ወዲያው አወቀችው። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ እግሩን እየጎተተ የሚመጣ። ከሥሩ ከበሮ ያለው። ከልጅቱ ጋር አልተነጋገሩበትም። ቃል የሌለው አሉ፣ ቃል የሌለው ሰጠቻቸው። በከተማው ሁሉ እራት የሚበላ ሰው ይህን እየሰማ ነው፤ አቶ በኃይሉም፣ ታዲዮስም፣ ዲያቆኑም። ዝርዝሩን ያነበቡት ናቸው፤ ድምፁን ግን አንዳቸውም አያውቁትም።

መሪጌታ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ዓይን የከዳው ሰው እንደሚያዳምጠው ነው። ትንሽ ቆይቶ የቀኝ እጃቸው ጣቶች በርጩማው ጠርዝ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ። መጀመሪያ ቀስ፣ እንደ ማኅሌቱ መረግድ። ከዚያ ግራውም ተከተለ። ምቱን አልሳቱትም፤ አንዳንዴም ቀድመውት ይደርሳሉ።

«ቃል የለውም?» አሉ።

«የለውም።»

«መልካም ነው። እንዲህ ያለውን ብታሰማ ኖሮ ማን ይናገራት ነበር?»

ጥሩሸዋ እሳቱን ቆሰቆሰች። ዝም ማለት ትችል ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ዝም በይ ያላላት ሰው የለም።

«ሰባተኛው ነው ጋሼ» አለች።

ጣቶቹ ቆሙ። እጃቸውን ግን ከበርጩማው አላነሡም። ዜማው ቀጠለ፣ ወደ መጨረሻው ላይ እንደ መቆጣት ብሎ ተንቀጠቀጠ፣ ደከመ፣ ጠፋ። አንድም ቃል አልተናገረም። መሪጌታ እንዳጎነበሱ ነበሩ። ከዚያ የኮከብ ድምፅ መጣ፣ የረጋ፣ ቀዝቃዛ። በዛሬው ገበያ ነጭ ገብስ በኩንታል ይህን ያህል፣ ሙክት በግ ይህን ያህል፣ የተነደፈ ጠጉር በኪሎ ይህን ያህል።

ጥሩሸዋ ልታጠፋው እጇን ሰደደች።

«ተይው» አሉ መሪጌታ። በርጩማውን ወደ ሬዲዮኑ ሳብ አደረጉት። «ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረገችው። የፍየል ዋጋ ነበር።